«ሃያ ሺህ ልጻፍ ወይስ ዝም ልበል?»

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር ባለ ሆቴል ሒሳብ ክፍል ከሦስት ዓመት በላይ ሠርቻለሁ። ደመወዜ 16,000 ብር ነው። እዚሁ ከተማ አንድ ግብረ ሰናይ ድርጅት ሒሳብ ሠራተኛ ይፈልጋል። ማስታወቂያው «በማመልከቻ ደብዳቤዎ ላይ የሚጠብቁትን ደመወዝና ከሥራ ለመልቀቅ የሚያስፈልግዎትን የማስጠንቀቂያ ጊዜ ይግለጹ» ይላል። ጓደኞቼ «ቀድሞ ዋጋ የጠራ ይከስራል፣ ዝም በዪ» አሉኝ። እኔ 20,000 ልጽፍ አስቤ ነበር። የሆቴሉ ውል ደግሞ ለመልቀቅ የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ ይላል፤ ይህን ካዩ ማን ይጠብቀኛል ብዬ ፈራሁ። ምን ልጻፍ?

መልስ፦

እህቴ፣ ጓደኞችሽ የነገሩሽ የቅዳሜ ገበያን ሕግ ነው። እዚያ ሻጭና ገዢ ፊት ለፊት ቆመው ስለሚከራከሩ ዝም ያለ ሊጠቀም ይችላል። ማመልከቻ ሲመረመር ግን አንቺ እዚያ የለሽም። በሰው ኃይል ክፍል በቆየሁባቸው ዓመታት ደብዳቤ ስናጣራ የምንይዘው አንድ ቅጽ ነበር፤ ማስታወቂያው የጠየቀው ነገር ሁሉ በላዩ ላይ በየዓምዱ ተዘርዝሮ ይቀመጣል። ዲግሪ አለ፣ ልምድ አለ፣ የሚጠበቅ ደመወዝ የለም። ባዶ የቀረ ዓምድ «አልተሟላም» ይባልና ደብዳቤው ወደ ታችኛው ክምር ይሄዳል። ደውሎ «እህት፣ ስንት ትፈልጊያለሽ?» ብሎ የሚጠይቅ አጣሪ አላየሁም፤ የተሟሉት ብዙ ከሆኑ ለምን ይደውላል?

ስለዚህ በግልጽ ከጠየቁሽ መልሺ። ካልጠየቁሽ ግን አትጻፊ። ማስታወቂያ ላይ «ደመወዝ፦ በስምምነት» ወይም «በድርጅቱ ስኬል መሠረት» የሚለው ጥያቄ አይደለም። የመጀመሪያው ስለ ክፍያ በኋላ እንነጋገራለን ማለት ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ዋጋው ተቆርጧል ማለት ነው፤ ቁጥር ብትጽፊም የሚለወጥ ነገር የለም። የመንግሥት መሥሪያ ቤትም ደረጃውንና ደመወዙን ራሱ ስለሚያወጣ ይህ ጭንቀት እዚያ የለም። ያንቺ ማስታወቂያ ግን «ይግለጹ» ብሏል። «ድርጅቱ በሚከፍለኝ እስማማለሁ» ብሎ ማለፍም መልስ አይሆንም። እኔ ራሴ በወጣትነቴ እንዲህ ብዬ ጽፌ ነበር፤ የተቀጠርኩበት ቦታ ከስኬሉ የታችኛውን እርከን ሰጠኝ፤ ከዚያ ለመውጣት ሁለት ዓመት ፈጀብኝ።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ፤ ዋናው ጉዳይ እሱ ነው። 20,000ን ያገኘሽው 16,000 ላይ 4,000 በመጨመር እንደሆነ ገምቻለሁ። ችግሩ 16,000 ያንቺ ገቢ አለመሆኑ ነው። እሱ ፔሮል ላይ የተጻፈው ጥቅል ደመወዝ ነው፤ ከላዩ የሚቀነስ አለ፣ ከጎኑም የሚጨመር አለ።

መጀመሪያ የሚቀነሰውን እንይ። የገቢ ግብር አዋጅን ባሻሻለው አዋጅ ቁጥር 1395/2017 መሠረት በወር እስከ 2,000 ብር ግብር የለበትም፤ ከዚያ በየእርከኑ እያደገ ከ14,000 በላይ ያለው 35 በመቶ ይከፈልበታል። ሒሳብ ክፍል ስለሆንሽ አጭሩን መንገድ ታውቂዋለሽ፦ ከ14,000 በላይ ለሆነ ደመወዝ ጥቅሉን በ35 በመቶ አባዝተሽ 2,050 ትቀንሻለሽ። ያንቺ 16,000 ሲሰላ ግብሩ 3,550 ብር ይሆናል። የሠራተኛው የጡረታ መዋጮ 7 በመቶ ስለሆነ 1,120 ብር ይሄዳል። እጅሽ የሚገባው 11,330 ብር ነው።

ቀጥሎ የሚጨመረው። አልነገርሽኝም እንጂ ሐይቅ ዳር ያለ ሆቴል ከሆነ የሰርቪስ ቻርጅ ድርሻ ይኖርሻል፤ ምሳም እዚያው ትበያለሽ። ለምሳሌ ያህል ድርሻሽ በወር 2,000 ብር በእጅሽ ይደርሳል እንበል። ይህን ስታሰዪ የጥምቀትን ወር ብቻ አትውሰጂ፤ ከተማው በእንግዳ ሲሞላ ድርሻው ይወጣል፣ ክረምት ሲገባ ይወርዳል። የ12 ወሩን ደምረሽ አካፍዪው። ምሳው ደግሞ ውጭ ብትበዪ 120 ብር የሚያስወጣሽ ከሆነ፣ በወር 26 የሥራ ቀን 3,120 ብር ነው። ቁጥሮቹን በራስሽ አርሚያቸው፤ መንገዱ ግን ይኸው ነው። ሦስቱ ሲደመሩ 16,450 ብር ይሆናል። ሆቴሉ አሁን በእውነት የሚሰጥሽ ይህን ያህል ነው፤ ያውም ከግብርና ከጡረታ በኋላ።

እንግዲህ አዲሱ ድርጅት ምሳም ሰርቪስ ቻርጅም ከሌለው፣ 20,000 ጥቅል ሲሰጥሽ ግብሩ 4,950፣ ጡረታው 1,400 ሆኖ እጅሽ የሚገባው 13,650 ነው። 4,000 ብር ጨመርኩ ብለሽ ስትደሰቺ በየወሩ 2,800 ብር ከስረሻል። እንዲህ ሆነው ከሆቴል ወጥተው በስድስተኛው ወር ለሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ የደወሉ ሰዎች አውቃለሁ።

ስሌቱን ወደ ኋላ ማዞር ቀላል ነው። ከ14,000 በላይ እያንዳንዱ ተጨማሪ ብር ሲከፈልሽ 35 ሳንቲሙ ለግብር፣ 7 ሳንቲሙ ለጡረታ ይሄድና 58 ሳንቲም ይቀርሻል። ስለዚህ ከምትፈልጊው የእጅ ገቢ ላይ 2,050 ቀንሰሽ ለ0.58 ብታካፍዪ ጥቅሉን ታገኛለሽ። 16,450 ሲቀነስ 2,050፣ 14,400 ይሆናል፤ ለ0.58 ሲካፈል ወደ 24,830 ብር ይጠጋል። አሁን ያለሽበት ላይ ለመቆየት ብቻ 25,000 ያስፈልግሻል ማለት ነው። ይህ ወለልሽ ነው፤ ደብዳቤ ላይ ግን አይጻፍም።

የሚጻፈው ከወለሉ በላይ የሆነ፣ ግን የማያስደነግጥ ቁጥር ነው። በአንቺ ቦታ ብሆን 28,000 እጽፍ ነበር። እጅሽ የሚገባው 18,290 ይሆናል፤ ከሆቴሉ በ1,840 ብር ይበልጣል፤ ሥራ መቀየርን የሚያካክስ ትንሹ ልዩነት ይመስለኛል። «ከ25,000 እስከ 30,000» ብለሽ በክልል መጻፍም ትችያለሽ፤ የሚያነብሽ ሰው ዓይን ግን 25,000 ላይ ነው የሚያርፈው። የክልሉን ታችኛ ጫፍ «ይህን ብትሰጡኝ ነገ እፈርማለሁ» የምትይበት ቁጥር ካላደረግሽው ራስሽን ታስከፍያለሽ። ስለዚህ ለአንቺ አንድ ቁጥር ይሻላል።

ቁጥሩ ላይ «ጥቅል» ወይም «ከግብር በፊት» የሚለውን ቃል አትርሺ። የግብረ ሰናይ ድርጅት በጀት የሚያዘው በጥቅል ነው፤ አንቺ በልብሽ የተጣራውን ይዘሽ 18,000 ብትጽፊ እነሱ ጥቅል አድርገው ያነቡታል፤ በእጅሽ 12,490 ብር ትቀበያለሽ። ጠብ ያመጣውን የመጀመሪያ ደመወዝ ቀን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ መነሻው ይኸው አንድ ቃል ነበር።

ለምን ይህን እንደሚጠይቁም ብታውቂ ቁጥሩን ትመዝኚበታለሽ። የፕሮጀክት ድርጅት ከሆነ ለቦታው የተያዘው ገንዘብ ለጋሹ ባጸደቀው በጀት ውስጥ ተጽፏል፤ ሥራ አስኪያጁ ቢወድሽም ያንን መስመር እንደፈለገ አይዘልለውም። ጥያቄው «ይህቺ ልጅ በጀታችን ውስጥ ትገባለች ወይ?» ማለት ነው። እጅግ ከፍ ካልሽ ቃለ መጠይቅ ሳትደርሺ ትወጫለሽ። እጅግ ዝቅ ካልሽ ደግሞ ሥራውን አላወቀችውም ተብለሽ ትታለፊያለሽ፤ ካልታለፍሽም የያዙልሽን ያህል ሳይሰጡሽ ትገቢያለሽ። በዚህ ከተማ ተመሳሳይ ድርጅት ውስጥ ያለ የምታውቂው ሒሳብ ሠራተኛ ካለ፣ ደብዳቤውን ከማስገባትሽ በፊት አንድ ቡና ጋብዢና ስኬላቸው የት አካባቢ እንደሆነ ጠይቂ። ስኬላቸው ከ25,000 በታች የሚያቆም ከሆነ ማመልከቱ ራሱ ያስፈልጋል ወይ ብለሽ አስቢ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ የመስክ አበልን ደመወዝ አድርገሽ አትቁጠሪ። ወደ ዘጌ ወይም ወደ ጎርጎራ ስትወጪ የሚከፈልሽ የውሎ አበል ለምግብና ለማደሪያ ነው። ሒሳብ ሠራተኛ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ቢሮ ነው የምትቀመጠው።

አሁን የ16,000ው ጉዳይ። የሚጠብቁትን እንጂ አሁን የሚያገኙትን ጻፉ አላሉሽም፤ አትጻፊው። ግን ተደብቆ እንደማይቀር እወቂ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 12 መሠረት አሠሪ የሚሰጠው የሥራ ልምድ ማስረጃ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና የሚከፈለውን ደመወዝ ይገልጻል። ያ ወረቀት አዲሱ ድርጅት እጅ ይገባል፤ 16,000 የሚለውን ያዩታል። ደመወዙን ከፍ አድርጎ በቃለ መጠይቅ የተናገረ ሰው የሚወድቀው እዚያ ላይ ነው፤ ውጤቱን ጨርሰን ደብዳቤ ልንጽፍለት ስንል ማስረጃው መጥቶ የተሰረዘ አለ። አንቺ መዋሸት አያስፈልግሽም። የ16,000 እና የ28,000 ልዩነት ግን ማብራሪያ ስለሚጠይቅ፣ ቁጥር ሳትጠቅሺ አሁን ከደመወዙ ውጭ የሰርቪስ ቻርጅ ድርሻና ምግብ እንዳለሽ በአንድ ሐረግ አስገቢ። በኋላ ማስረጃውን ሲያዩ አይደነግጡም።

ወደ ማስጠንቀቂያው ልለፍ። የሆቴሉ ውል ሁለት ወር ይበል እንጂ ሕጉ ለአንቺ ያስቀመጠው ሌላ ነው። በዚያው አዋጅ አንቀጽ 31 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ቅድመ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ውሉን ማቋረጥ ይችላል። ሁለት ወር የሚለው በአንቀጽ 35 ነው ያለው፤ እሱ ግን ከአንድ ዓመት በላይ እስከ ዘጠኝ ዓመት ያገለገለን ሠራተኛ አሠሪው ሲያሰናብት የሚሰጠው ነው። ውል የሚያዘጋጁ ሰዎች ሁለቱን እያምታቱ ለሁለቱም ወገን ሁለት ወር ይጽፋሉ። የሥራ ውል ደግሞ ሕጉ ለሠራተኛው ከሰጠው ያነሰ ሁኔታ ሊያስቀምጥ አይችልም፤ ይህም በአዋጁ አንቀጽ 4 ላይ ያለ ነው። ስለዚህ ደብዳቤሽ ላይ 30 ቀን ብለሽ ጻፊ።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ይህ አዋጅ የሥራ መሪዎችን አይመለከትም። የሒሳብ ክፍል ኃላፊ ሆነሽ ሠራተኛ የመቅጠርና የማሰናበት ሥልጣን ይዘሽ ከሆነ፣ ውልሽ ላይ የተጻፈው ሁለት ወር ሊያስገድድሽ ይችላል። «ሒሳብ ክፍል ሠርቻለሁ» ብቻ ስላልሽኝ እንደ ተራ ሠራተኛ ነው የመለስኩልሽ። ኃላፊ ከሆንሽ 60 ቀን ጻፊ፤ ኃላፊ ሁለት ወር መፈለጓን የሚጠላ ድርጅት እምብዛም አይገኝም።

የማስጠንቀቂያው ጊዜ ሥራውን ያስቀርብኛል ብለሽ «ወዲያውኑ መጀመር እችላለሁ» ብለሽ እንዳትጽፊ። አንድ ጊዜ አመልካች እንዲህ ጽፋ፣ ሥራ ላይ መሆኗን ግን ከማስረጃዋ አየን። ጠየቅናት። «ትቼ እመጣለሁ» አለች። ኮሚቴው ውስጥ የነበሩት የሒሳብ ኃላፊ «እኛንም እንዲሁ ትታን ትሄዳለች» ብለው ሰረዟት፤ ሌላ ጥፋት አልነበረባትም። በሕጉም ብትሄጂ ያለ ማስጠንቀቂያ የለቀቀ ሠራተኛ እስከ 30 ቀን ደመወዙ ካሳ ሊከፍል ይችላል፤ ከሚቀረው ክፍያ ላይ ይቆረጥበታል። ለሒሳብ ሠራተኛ ደግሞ የከፋው ካሳው አይደለም፤ ርክክብ ሳይፈጽሙ መውጣት ነው። ካዝና፣ የባንክ ማስታረቂያ፣ ያልተወራረደ ቅድመ ክፍያ በስምሽ እንዳለ ከወጣሽ ክሊራንስ አታገኚም፤ አዲሱ ድርጅት ክሊራንስ ከጠየቀሽ እዚያው ትቆሚያለሽ።

ስለዚህ ከ30 ቀኑ በላይ ለርክክብ ጥቂት ቀን ጨምረሽ «35 ቀን» ብትይ ይሻላል። ቀኑ የሚቆጠረው ለሆቴሉ ደብዳቤ ከሰጠሽበት እንጂ አዲሱ ድርጅት ከጠራሽበት አይደለም። ለሆቴሉ ማስጠንቀቂያ የምትሰጪው ደግሞ ደመወዙና የሥራ መጀመሪያው ቀን የተጻፈበት የቅጥር ደብዳቤ ተፈርሞ እጅሽ ሲገባ ብቻ ነው። «ተመርጠሻል» የሚል ስልክ በቂ አይደለም፤ በጀቱ ሳይለቀቅ ወር ሁለት ወር የሚቆይበት ጊዜ አለ።

የዘመን አቆጣጠሩም ያጣላል። ነሐሴ 10 ቀን ማስጠንቀቂያ ብትሰጪ፣ 30ው ቀን መስከረም 10 አይደለም የሚሞላው። ከነሐሴ 20 ቀን ይቀራል፣ ጳጉሜን 5 ቀን ትጨምራለች፣ 30ው መስከረም 5 ላይ ያበቃል። የግብረ ሰናይ ድርጅቶች ደግሞ ብዙዎቹ በፈረንጅ ቀን ነው የሚሠሩት። ቃለ መጠይቅ ላይ የመጀመሪያ ቀን ሲጠይቁሽ በሁለቱም አቆጣጠር ተናገሪ። ሌላው ደግሞ ሰኔ ነው፤ የሆቴሉ የበጀት ዓመት ሰኔ 30 የሚዘጋ ከሆነ የመዝጊያ ሥራ ውስጥ ሆነሽ መልቀቅ ርክክቡን ያስረዝመዋል። ማመልከቻሽ በግንቦት የሚገባ ከሆነ ይህን አስበሽ 45 ቀን ብትይ አይፈረድብሽም።

በደብዳቤው ውስጥ ሁለቱም መልስ መግባት ያለበት መጨረሻ አካባቢ ነው፤ ችሎታሽንና ልምድሽን ከጻፍሽ በኋላ፣ «ከሰላምታ ጋር» ከማለትሽ በፊት። ጉዳዩን ከደመወዝ አትጀምሪ፤ ይቅርታም አትጠይቂበት። እኔ እንዲህ እጽፈው ነበር፦

«በማስታወቂያው በተጠየቀው መሠረት የምጠብቀው ደመወዝ ከግብር በፊት ጥቅል 28,000 ብር ነው። አሁን በምሠራበት ሆቴል ከመሠረታዊ ደመወዝ በተጨማሪ የሰርቪስ ቻርጅ ድርሻና የምግብ አገልግሎት ያለኝ በመሆኑ ይህንኑ ከግምት አስገብቻለሁ፤ ድርጅቱ የሚሰጣቸው ሌሎች ጥቅማ ጥቅሞች ታይተው ለመነጋገር ዝግጁ ነኝ። ለአሠሪዬ የ30 ቀን ቅድመ ማስጠንቀቂያ መስጠትና ርክክብ መፈጸም ስላለብኝ፣ የቅጥር ደብዳቤ ከደረሰኝ በኋላ በ35 ቀን ውስጥ ሥራ መጀመር እችላለሁ።»

«ለመነጋገር ዝግጁ ነኝ» የሚለው «ጥቅማ ጥቅሞች ታይተው» ከሚለው ጋር መያያዙን ልብ በዪ። ለብቻው ሲቆም «28,000 ያልኩት ቀልድ ነው፣ ቀንሱልኝ» ይመስላል። ከጥቅማ ጥቅሙ ጋር ሲታሰር ግን ቁጥሩ የሚወርደው በምትኩ የሕክምና ዋስትና ወይም የትራንስፖርት አበል ሲሰጡሽ ብቻ ይሆናል።

ቃለ መጠይቅ ላይ «22,000 ብንልሽስ?» ካሉሽ፣ እዚያው አትመልሺ። «ጥቅማ ጥቅሙን ጨምራችሁ በጽሑፍ ብትሰጡኝ ነገ ጠዋት እመልሳለሁ» በያቸውና ቤትሽ ገብተሽ በ0.58 አባዝተሽ 2,050 ጨምሪበት። 22,000 በእጅሽ 14,810 ነው። ከ16,450 ጋር ያለው ልዩነት 1,640 ብር ነው፤ ምሳ የሚያቀርቡ ከሆነ ይሸፍነዋል፣ ካልሆነ ግን በሆቴሉ መቆየት ይሻልሻል።